ያልተሳለው ግራፍ

ፊንላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር አንቲ ላክሶነን የሚያዘጋጀው ሲኤስኢኤስ የተባለ የፕሮግራሚንግ መለማመጃ ስብስብ አለ። የግራፍ ምዕራፉ የሚጀምረው ሲያዩት ቀላል በሚመስል ጥያቄ ነው። የአንድ ሕንፃ ካርታ በፊደል ተጽፎ ይሰጣል፤ `#` ግድግዳ ነው፣ `.` ወለል ነው። ሰው ከወለል ወደ ወለል ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መራመድ ይችላል። ጥያቄው ሕንፃው ስንት ክፍል አለው የሚል ነው። ካርታው እስከ 1,000 ረድፍና 1,000 ዓምድ ሊደርስ ይችላል።

አነስ ያለ ካርታ እንመልከት፦

```
#########
#..#....#
#..#.##.#
####.#..#
#...##.##
#########
```

በዓይን ሲታይ መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ሦስት ነው። ከላይ በግራ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከላይ በቀኝ የሚጠማዘዝ ኮሪደር፣ ከታች በግራ ሌላ አጭር መተላለፊያ። ኮምፒውተር ግን ዓይን የለውም። በእጁ ያለው ስድስት መስመር ፊደል ነው፤ በአንድ ጊዜ ማየት የሚችለውም አንዲት ፊደል ብቻ ነው። «ክፍል» የሚባለው ነገር በየትኛዋም ፊደል ውስጥ አልተጻፈም፤ ያለው በፊደሎቹ መካከል ባለው ግንኙነት ውስጥ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ግንኙነት የሚያጠናው ሒሳብ ግራፍ የሚባለው ነው። የገበያ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳየው ሥዕል ማለት አይደለም፤ ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ማለት ነው። በእኛ ካርታ እያንዳንዱ የወለል ካሬ አንድ ነጥብ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የወለል ካሬዎች ካሉ በመካከላቸው መስመር አለ እንላለን። ቆጥረን ብናይ 17 ነጥብና 15 መስመር እናገኛለን። መስመር እየተከተልን ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው መድረስ ከቻልን ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ካልቻልን በተለያየ ክፍል። ስለዚህ ክፍል መቁጠር ማለት ግራፉ ስንት የተነጣጠለ ቁራጭ እንዳለው መቁጠር ነው።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ ጉልበቱን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ግራፍ የሚለውን ቃል ሲሰማ ግራፉን መሥራት ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ካሬ ቁጥር ይሰጣል፣ ከዚያ «ቁጥር 5 ከቁጥር 6 ጋር ይገናኛል» የሚል መዝገብ ያዘጋጃል። የመማሪያ መጻሕፍት ከሚያሳዩት መንገድ አንዱ ነጥቦቹን በአግድምም በቁልቁልም ዘርግቶ፣ በየመገናኛው «ይገናኛሉ» ወይም «አይገናኙም» ብሎ መሙላት ነው። በትልቁ ካርታ ላይ አንድ ሚሊዮን ካሬ አለ። አንድ ሚሊዮን በአንድ ሚሊዮን ሠንጠረዥ አንድ ትሪሊዮን መልስ ይይዛል። እያንዳንዱን መልስ በአንድ ቢት፣ ማለትም በኮምፒውተር ትንሿ የመዝገብ ቦታ ብንጽፈው እንኳ 125 ጊጋባይት ይፈጃል። ካርታው ራሱ ግን በጽሑፍ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው።

ጎረቤቶቹን ብቻ በዝርዝር መያዝ ይሻላል፤ ማንም ካሬ ከአራት በላይ ጎረቤት ስለሌለው ዝርዝሩ አራት ሚሊዮን ቦታ አይሞላም። ይህ ይሠራል። ግን ለምን? ዝርዝሩ የሚነግረን ነገር ሁሉ ካርታው ላይ አስቀድሞ ተጽፏል። በረድፍ 3፣ ዓምድ 7 ላይ ያለው ካሬ ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው ብንል፣ ከረድፉ አንድ መቀነስና መጨመር፣ ከዓምዱ አንድ መቀነስና መጨመር፣ ከዚያ የተገኙትን አራት ቦታዎች ካርታው ላይ ማየት ብቻ ነው። ጎረቤትን ለማወቅ መዝገብ አያስፈልግም፤ አንድ መደመር ይበቃል። ግራፉ አለ፣ ግን የትም አልተሳለም። በተጠየቀ ቁጥር የጠየቁትን ያህል ብቻ ይገለጣል። የሙያው ሰዎች ስውር ግራፍ ብለው የሚያስቡት ይህንን ነው።

አሁን ወደ መቁጠሩ። ዘዴው ፍለድ ፊል ይባላል፤ በሥዕል ፕሮግራሞች ላይ የባልዲ ምልክት ያላት መሣሪያ አንድ ቦታ ስትነካ እስከ ድንበሩ ድረስ ቀለም የምትሞላበት ዘዴ ነው። ካርታውን ከላይ ከግራ ጀምረን ረድፍ በረድፍ እናነባለን። ግድግዳ ካገኘን እናልፋለን። ምልክት ያልተደረገበት ወለል ካገኘን አዲስ ክፍል ነውና ቆጣሪው ላይ አንድ እንጨምራለን፤ ከዚያ ንባባችንን ለጊዜው አቁመን ከዚያ ካሬ ሊደረስባቸው የሚችሉትን ሁሉ ምልክት እናደርጋለን። ሲያልቅ ካቆምንበት ንባባችንን እንቀጥላለን።

በትንሿ ካርታ ላይ እንሂድበት። ኮምፒውተር ከ0 ስለሚቆጥር ከላይ ያለው ሙሉ ግድግዳ ረድፍ 0 ነው። የመጀመሪያዋ ወለል (1,1) ላይ ናት፤ ረድፍ 1፣ ዓምድ 1 ማለት ነው። ቆጣሪው 1 ይላል። ይህችን ካሬ ምልክት አድርገን «ገና ያልተመረመሩ» በሚል ዝርዝር ውስጥ እናስገባታለን። ከዝርዝሩ አውጥተን ጎረቤቶቿን በላይ፣ በታች፣ በግራ፣ በቀኝ ቅደም ተከተል እንጠይቃለን። ላይ ግድግዳ፣ ታች ወለል፣ ግራ ግድግዳ፣ ቀኝ ወለል። ሁለቱ ወለሎች (2,1) እና (1,2) ምልክት ተደርጎባቸው ዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ። መጨረሻ የገባችውን (1,2) መጀመሪያ እናውጣ፤ ከታቿ (2,2) ትገባለች። (2,2) ስትወጣ ግራዋን ታያለች፣ (2,1) ግን ምልክት አላት፤ ስለዚህ ዳግም አትገባም። በመጨረሻ (2,1) ወጥታ ምንም አዲስ ነገር አታገኝም። ዝርዝሩ ባዶ ሆነ፣ አራት ካሬ ያላት የመጀመሪያዋ ክፍል ተጠናቀቀች።

ንባቡ ይቀጥላል። (1,2) ምልክት አላት፣ (1,3) ግድግዳ ናት፣ (1,4) ግን ያልተነካች ወለል ናት። ቆጣሪው 2 አለ። ከዚህች ካሬ ሁለት አቅጣጫ ይከፈታል፤ ታች (2,4)፣ ቀኝ (1,5)። ቀኟ መጨረሻ ስለገባች ቀድማ ትወጣለችና ፍለጋው ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ (1,6)፣ (1,7)፣ ከዚያ ቁልቁል (2,7)፣ (3,7)፣ ወደ ግራ ታጥፎ (3,6)፣ ወርዶ (4,6)። እዚያ በሦስት በኩል ግድግዳ ነው። ይህን ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ገብታ ስትጠብቅ የቆየችው (2,4) ትወጣለች፤ (3,4)ን ታስገባለች፣ ያም ይዘጋል። አሥር ካሬ። ከዚያ በኋላ ንባቡ ረድፍ 2ን እና 3ን ሲያልፍ የሚያገኘው ግድግዳና ምልክት የተደረገበት ወለል ብቻ ነው። በረድፍ 4 መጀመሪያ ላይ (4,1)ን አግኝቶ ቆጣሪውን 3 ያደርጋል፣ ሦስት ካሬ ይሞላል፣ (4,6)ንም ምልክት አይቶ ያልፋል።

መልሱ የመጣው ክፍሎቹን «በማየት» አይደለም። መሙላቱን ስንት ጊዜ እንደ አዲስ መጀመር እንዳስፈለገ በመቁጠር ነው። በፓይተን ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```python
def count_rooms(grid):
    H, W = len(grid), len(grid[0])
    seen = [[False] * W for _ in range(H)]
    rooms = 0
    for r in range(H):
        for c in range(W):
            if grid[r][c] == '#' or seen[r][c]:
                continue
            rooms += 1
            seen[r][c] = True
            todo = [(r, c)]
            while todo:
                y, x = todo.pop()
                for dy, dx in ((-1,0), (1,0), (0,-1), (0,1)):
                    ny, nx = y + dy, x + dx
                    if 0 <= ny < H and 0 <= nx < W:
                        if grid[ny][nx] == '.' and not seen[ny][nx]:
                            seen[ny][nx] = True
                            todo.append((ny, nx))
    return rooms
```

ግራፉ ያለው `dy, dx` የሚለው መስመርና ከሥሩ ያሉት ጥያቄዎች ውስጥ ነው። ሌላው ሁሉ የፍለጋው ሥራ ነው። እያንዳንዱ የወለል ካሬ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ዝርዝሩ ስለሚገባ በትንሿ ካርታ 17 ጊዜ አራት፣ 68 የጎረቤት ጥያቄ ይጠየቃል። ሙሉ በሙሉ ባዶ በሆነ ትልቅ ካርታ አራት ሚሊዮን ይሆናል፤ ለዛሬ ኮምፒውተር ይህ ቀላል ነው።

ቀላልነቱ ግን አንድ ሁለት ቦታ ላይ ያታልላል። የመጀመሪያው ምልክት የሚደረግበት ጊዜ ነው። ከላይ ያለው ኮድ ካሬዋን ወደ ዝርዝሩ ስትገባ ምልክት ያደርግባታል። ብዙ ሰው ግን «ስመረምራት ምልክት ባደርግባትስ?» ብሎ መስመሩን ወደ `pop` አጠገብ ያዛውረዋል። ሲያስቡት ልዩነት ያለው አይመስልም፤ የሚወጣው መልስም ትክክል ነው። ነገር ግን አንዲት ካሬ ዝርዝሩ ውስጥ ሆና ተራዋን ስትጠብቅ ሌላ ጎረቤቷ ያያታል፣ ምልክት ስለሌላት ዳግም ያስገባታል። ዝርዝሩን እንደ ወረፋ ብንጠቀምበት፣ ማለትም መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ቢወጣ፣ አንዲት ካሬ የምትገባው ከመነሻው ወደ እሷ ባሉት አጫጭር መንገዶች ብዛት ልክ ነው። 10 በ10 በሆነ ባዶ አዳራሽ ከአንዱ ማዕዘን ተነስቶ የተቃራኒው ማዕዘን ካሬ 48,620 ጊዜ ወረፋ ትይዛለች። አዳራሹን 20 በ20 ብናደርገው ከ35 ቢሊዮን ጊዜ በላይ።

ይህ ስሕተት የሚታወቅበት ባሕርይ አለው። ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ባለበት ካርታ ላይ ፕሮግራሙ በፍጥነት ይጨርሳል፤ እዚያ ወደ አንድ ቦታ የሚወስደው መንገድ አንድ ነውና። ሰፊ ባዶ ቦታ ሲሰጠው ግን ቀጥ ይላል። ስለዚህ የተጠማዘዘ ካርታ ሠርቶ የፈተነ ሰው ኮዱ ደህና ነው ብሎ ይሄዳል። ፈተናው መጀመር ያለበት ግድግዳ ከሌለው ካርታ ነው።

ሁለተኛው ጠርዝ ላይ ያለው ነው፣ እኔ እንደሚመስለኝም ከሁሉ የከፋው፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ሳይሰናከል የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። በፓይተን `grid[-1]` ማለት «ከካርታው ውጪ» ማለት አይደለም፤ የመጨረሻው ረድፍ ማለት ነው። አንድ ሰው `0 <=` የሚለውን ረስቶ `ny < H` ብቻ ቢጽፍ፣ ከላይኛው ረድፍ ወደ ላይ የሚራመድ ፍለጋ ከታችኛው ረድፍ ላይ ብቅ ይላል፤ ከግራ ጠርዝ የወጣውም በቀኝ ይገባል። የእኛ ካርታ ዙሪያውን በግድግዳ ስለታጠረ ይህን አያሳይም። ይህችኛዋ ታሳያለች፦

```
.#.
###
.#.
```

አራቱ ማዕዘኖች በግድግዳ የተለያዩ ናቸውና መልሱ 4 ነው። የተሳሳተው ኮድ ግን 1 ይላል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ወይ አራቱንም ጠርዝ መፈተሽ፣ ወይም ካርታውን ከማንበባችን በፊት ዙሪያውን አንድ ዙር `#` ማጠር። ሁለተኛውን ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ይመርጡታል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚደረገውን ፍተሻ ያስቀራልና።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ኮዱ ራሱን እየደጋገመ እንዲጠራ አድርጎ መጻፍም ይቻላል፤ መስመሮቹ ያጥራሉ፣ ንባቡም ያምራል። ፓይተን ግን እንዲህ ያለው ጥሪ በራሱ ላይ ሲደራረብ 1,000 ገደማ ላይ ያቆመዋል። 32 በ32 የሆነ ባዶ አዳራሽ 1,024 ካሬ አለው፣ ፍለጋውም ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ እየወጣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ሊያዳርስ ስለሚችል እዚያው ይሰናከላል። ዝርዝሩን በግልጽ መያዝ ይህን ሥጋት ያስወግዳል።

የሚቀጥለው የኮድ ስሕተት አይደለም፤ የፍርድ ጉዳይ ነው። በትንሿ ካርታ ላይ (3,4) እና (4,3) ወለል ናቸው፣ በማዕዘናቸውም ይነካካሉ። በሰያፍ መራመድ ቢፈቀድ ኮሪደሩና የታችኛው መተላለፊያ አንድ ክፍል ይሆናሉ፣ መልሱም ከ3 ወደ 2 ይወርዳል። ኮዱ ላይ የሚለወጠው አራት አቅጣጫ ወደ ስምንት ማደጉ ብቻ ነው። የትኛው ትክክል ነው? የላክሶነን ጥያቄ አራት ይላል። ከዝናብ በኋላ በእርሻ ላይ የቀሩ ኩሬዎችን ቁጠሩ የሚለው የታወቀ የአሜሪካ የተማሪዎች ውድድር ጥያቄ ግን ስምንት ይላል። ጥያቄውን ሳያነቡ መመለስ አይቻልም።

ነገሩ ከምርጫም ያልፋል። ያችኑ ማዕዘን እንደገና ብናያት፣ ወለሎቹ በአንዱ ሰያፍ ሲነካኩ (3,3) እና (4,4) የሆኑት ግድግዳዎችም በሌላው ሰያፍ ይነካካሉ። ለሁለቱም ወገን ሰያፍን ብንፈቅድ ሰው ግድግዳውን አቋርጦ ያልፋል፣ ግድግዳውም ሳይቆረጥ ይቀጥላል፤ ሁለት የማይቆራረጡ መስመሮች በአንድ ነጥብ ላይ ተቆራረጡ ማለት ነው። ለሁለቱም ብንከለክል ደግሞ ግድግዳው ክፍት ነው፣ ግን ማንም አያልፍበትም። የዲጂታል ምስል ጥናት መሥራች ከሚባሉት አንዱ የሆነው አዝሪኤል ሮዘንፌልድ ያጸናው ደንብ ለወለሉ አራት አቅጣጫ ከሰጠን ለግድግዳው ስምንት፣ ለወለሉ ስምንት ከሰጠን ለግድግዳው አራት የሚል ነው። ክፍል ብቻ ለሚቆጥር ሰው ይህ ችግር አይታየውም። በአንድ ምስል ላይ ነገሮችንም፣ በነገሮቹ ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎችም መቁጠር የጀመረ ቀን ግን ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይጣላሉ።

ግራፉን ሳይስሉ መጠየቅ የሚለው ሐሳብ ከካርታ ሲወጣ ነው ጉልበቱ የሚታየው። ዘጠኝ ቦታ ባለው 3 በ3 ሳጥን ውስጥ ከ1 እስከ 8 የተጻፈባቸው ተንሸራታች ቁራጮችና አንድ ባዶ ቦታ ያለበትን የልጆች ጨዋታ እናስብ። አሁን አንድ «ካሬ» ማለት አንድ ሙሉ አቀማመጥ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ አንድ ቁራጭ ወደ ባዶው ቦታ በማንሸራተት የሚገኘው አቀማመጥ ነው። ባዶው ማዕዘን ላይ ከሆነ ሁለት ጎረቤት አለ፣ ጎን ላይ ከሆነ ሦስት፣ መሐል ላይ ከሆነ አራት። ማንም ይህን ካርታ አልሳለውም፤ 362,880 አቀማመጥ አለው። የላይኛውን ኮድ ወስደን የጎረቤቱን መስመር ብቻ ብንለውጥና ምልክቶቹን በአቀማመጡ ስም ብንይዝ፣ ተራ ላፕቶፕ ሳይቸገር ይጨርሰዋል። የሚያወጣው መልስ 2 ነው። 181,440 አቀማመጥ በአንድ ወገን፣ 181,440 በሌላው ወገን። ቁራጮቹን ነቅሎ ሁለቱን አቀያይሮ የመለሰ ልጅ የቱንም ያህል ቢያንሸራትት ጨዋታውን አይፈታውም፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው ያለው።

4 በ4 የሆነውና 15 ቁራጭ ያለው ታላቅ ወንድሙ ግን 20,922,789,888,000 አቀማመጥ አለው። ለእያንዳንዱ አንድ ቢት ምልክት ብቻ ብንይዝ 2.6 ቴራባይት ይፈልጋል፤ ፍለድ ፊል በተራ ኮምፒውተር ላይ አቅሙ የሚያልቀው እዚህ ነው። ዊልያም ዉልሲ ጆንሰንና ዊልያም ስቶሪ ግን በ1879 በአሜሪካ የሒሳብ መጽሔት ላይ መልሱ እዚህም 2 መሆኑን ያለ ምንም መሙላት አሳዩ። ሳጥኑን እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ብንቀባው፣ በእያንዳንዱ ማንሸራተት ባዶው ቦታ ቀለም ይለውጣል። በዚያው እርምጃ ባዶው ከአንድ ቁራጭ ጋር ቦታ ስለሚቀያየር ከትክክለኛው አቀማመጥ ለመድረስ የሚያስፈልገው የመቀያየር ብዛት ከሙሉ ወደ ጎዶሎ ወይም ከጎዶሎ ወደ ሙሉ ይዞራል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይገለበጣሉ። 14ን እና 15ን ብቻ ነቅሎ ማቀያየር ግን የመቀያየሩን ብዛት ሲገለብጥ ባዶው ያለበትን ቀለም አይነካም፤ ስለዚህ በማንሸራተት የሚደረስበት አቀማመጥ አይደለም።